ሱቅ ለሁለት ሲከፈል ዕዳው ወዴት ይሄዳል?

ሰኔ ሲያልቅ መርካቶ ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጎ መብራት ያበራ ሱቅ ማየት የተለመደ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ነጋዴው ዕቃውን ይቆጥራል። አልፎ አልፎ ግን የሚቆጠረው ለግብር ብቻ አይደለም። ሁለት ሸሪኮች ከየወገናቸው አንዳንድ የሚያምኑት ሰው አቁመው፣ አንዱ እየጠራ ሌላው እየጻፈ፣ ለመለያየት ይቆጥራሉ።

በዚያን ቀን ጭቅጭቁ የሚበረታው ዕቃው ላይ ነው። «ይህን እኮ ዱባይ ድረስ ሄጄ ያመጣሁት እኔ ነኝ»፣ «የማይሸጠውን ሁሉ ለኔ ልትጭነው ነው ወይ?» ይባባላሉ። ዕዳው ላይ ሲደርሱ ሁሉም ደክሟል፣ ሽማግሌዎቹም ምሳ ሰዓት አልፎባቸዋል። ስለዚህ «የአከፋፋዩን ዕዳ እገሌ ይከፍላል» ተብሎ በአንድ መስመር ይጻፍና ይፈረማል። ከወራት በኋላ ሰዎቹን ችሎት ፊት የሚያቆማቸው ብዙ ጊዜ ይህ አንድ መስመር ነው። ዕቃው የሁለቱ ስለሆነ ሁለቱ ከተስማሙ ነገሩ አለቀ። ዕዳው ላይ ግን ወረቀቱን ያልፈረመ ሦስተኛ ሰው አለ። ያ ሰው ደግሞ ስለ ስምምነታቸው ምንም አልሰማም፤ ቢሰማም የመቀበል ግዴታ የለበትም።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንያዝ። ሁለት ሰዎች የመጋረጃ፣ የአንሶላና የብርድ ልብስ ንግድ በሽርክና ይሠራሉ። አንደኛው መርካቶ ያለውን ሱቅ ይይዛል፤ ሁለተኛው ሳሪስ ያለውን። የመርካቶው 600,000 ብር፣ የሳሪሱ 400,000 ብር አዋጥተው ነው የጀመሩት። ትርፍም ኪሳራም እኩል እንዲካፈሉ ተስማምተዋል። ንግድ ፈቃዱ በመርካቶው ስም ነው፣ የሳሪሱ ሱቅ የተመዘገበው በቅርንጫፍነት ነው። በመካከላቸው ያለው ሁለት ምስክር የፈረመበት አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው። ሰዎቹና ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው፤ አሠራሩ ግን ገበያ ውስጥ ያለ ሰው የሚያውቀው ነው።

ይህ ዓይነቱ ሽርክና በሕግ ፊት ምን ይባላል? የንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ከሚዘረዝራቸው ማኅበራት መካከል በዚህ አሠራር ላይ የሚቀርበው የእሽሙር ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር አይመዘገብም፣ የራሱ ሕጋዊ ሰውነትም የለውም። ውጭ ላለው ሰው የሚታየው ስሙ የተጻፈውና የፈረመው ሸሪክ ብቻ ነው። ሽርክናው በውጭ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ከሆነ ግን ሁለቱም ሊጠየቁ የሚችሉበት በር ይከፈታል። በውልና ማስረጃ ጸድቆ የተመዘገበ የኅብረት ሽርክና ማኅበር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነበር፦ ሸሪኮቹ ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች ናቸው። ባለገንዘቡ ከማኅበሩ ጠይቆ ካጣ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሙሉውን ሊጠይቅ ይችላል፤ «የኔ ድርሻ ግማሹ ነው» የሚል መልስ አያድንም። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቋሙ ሰዎች መንገድ ሌላ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ወደ ቆጠራው እንመለስ። ሁለቱም ሱቆች በአንድ ቀን መቆጠር አለባቸው። ዛሬ መርካቶ፣ ነገ ሳሪስ ከተባለ ሌሊት በአይሱዙ የሚሻገር ዕቃ ይኖራል፤ ባይኖርም ይጠረጠራል፣ መጠርጠሩ ብቻውን ቆጠራውን ያበላሻል። ከመቁጠር በፊት የሱቁ ያልሆነው ይወጣል። አከፋፋይ «ሽጠህ ክፈለኝ» ብሎ ያስቀመጠው ዕቃ የሸሪኮቹ ንብረት አይደለም። ደንበኛ ቀብድ ከፍሎበት ተቆርጦ የተቀመጠ መጋረጃም እንዲሁ ለብቻው ይቆያል።

መጋረጃ ጣቃ ላይ ያለውን ሥራ ብዙ ሰው ያቃልለዋል። ጣቃው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስንት ሜትር እንደነበረ እንጂ ስንት ሜትር እንደቀረ አይናገርም። ልምድ ያለው ሻጭ በውፍረቱ አይቶ «30 ይሆናል» ይላል፤ ባንኮኒው ላይ ተዘርግቶ በሜትር ሲለካ 23 ይወጣል። ስለዚህ የተቆረጠ ጣቃ ሁሉ ይዘረጋል። ለአንድ መስኮት እንኳን የማይበቃው ቁራጭ ይለይና በጅምላ ይገመታል። በፕላስቲክ ከረጢት የታሸገ ብርድ ልብስ ደግሞ በቁጥር ብቻ አይታለፍም። ከየመደርደሪያው ታች፣ ወለሉን የነካው ረድፍ አንድ ሁለቱ ተከፍቶ ይታያል። እርጥበት ገብቶት የሻገተ ከሆነ ያ ረድፍ በሙሉ ከደህናው ዕቃ ጋር መደባለቅ የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋጋ ነው፤ እውነተኛው ክርክር ያለውም እዚህ ላይ ነው። በተገዛበት ዋጋ እንያዘው ወይስ በዛሬው? የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ይህ ጥያቄ ከባድ ሆኗል። ከዚያ በፊት የገባ ብርድ ልብስ በአሮጌው ደረሰኝ ቢታሰብ፣ እሱን የወሰደው ሸሪክ በማግስቱ በአዲሱ ዋጋ ሸጦ ልዩነቱን ለብቻው ይበላል። በሌላ በኩል ፋሽኑ ያለፈበት መጋረጃ ሲገዛ ውድ ስለነበር ብቻ ዛሬም ውድ ተብሎ አይታሰብም። ለመለያየት የሚደረግ ቆጠራ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃዋል፦ ይህን ዕቃ ዛሬ ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ ብገዛው ስንት ይለኛል? የተኛ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይገለበጣል፦ ዛሬውኑ ላራግፈው ብል ስንት ይሰጡኛል? መሸጫ ዋጋው በየትኛውም በኩል አይገባም፤ ገና ያልተሸጠ ዕቃ ላይ ትርፍ መቁጠር ነውና።

በዚህ መንገድ ሲሠራ የምሳሌያችን ሱቆች ዕቃ እንዲህ ወጣ። የሚሄደው ብርድ ልብስና አንሶላ ሲገዛ 1,300,000 ብር ነበር፣ አሁን 1,500,000 ሆነ። ሲገዛ 700,000 የወጣበት የተኛ መጋረጃ 350,000 ተገመተ። ቁራጩና እርጥበት የነካው ሲገዛ 100,000 ነበር፣ 50,000 ተባለ። ጠቅላላው 1,900,000 ብር ነው። ባንክና እጅ ላይ 200,000 ብር አለ። የዱቤ ደብተሩ ላይ ከደንበኞች የሚፈለግ 500,000 ብር ተጽፏል፤ ከዚህ ውስጥ ግን ዛሬም ዕቃ እየወሰዱ የሚከፍሉት ሰዎች ዕዳ 300,000 ብቻ ነው። ቀሪው 200,000 ስልክ የማያነሱ፣ ሱቃቸውን የዘጉ፣ «ከበዓል በኋላ» እያሉ በዓላት ያሳለፉ ሰዎች ናቸው። እሱ ለጊዜው ከሒሳቡ ይውጣ።

በወዲያኛው በኩል ዕዳ አለ። አንድ ትልቅ አከፋፋይ 900,000 ብር ይፈልጋል። ከዚህ 500,000ው ቀኑ ወደፊት ተጽፎ በተሰጡ ሁለት ቼኮች ነው፤ የፈረመው የመርካቶው ነው። ቀሪው 400,000 በማስረከቢያ ወረቀት ብቻ የተወሰደ ሲሆን፣ ዕቃውን አንዳንድ ጊዜ የመርካቶው አንዳንድ ጊዜ የሳሪሱ ፈርመው ተረክበዋል። የሳሪሱ ከአክስቱ ልጅ ለሱቁ ብሎ የተበደረው 200,000 አለ። ያልተከፈለ ኪራይ፣ ግብርና የሠራተኛ ደሞዝ ደግሞ 100,000 ብር ነው። በድምሩ 1,200,000 ብር።

አሁን ስሌቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «እኩል ሸሪክ ነን» ስለሚል ብቻ የቀረውን እኩል ሲካፈል ነው። ንብረቱ 2,400,000 ነው፤ ዕዳው ሲቀነስ 1,200,000 ይቀራል። ለሁለት ሲከፈል 600,000 እያንዳንዳቸው። ቀላል ነው፣ ግን ስህተት ነው። እኩል የተባለው ትርፍና ኪሳራው እንጂ መዋጮው አይደለም። የንግድ ሕጉ ለሽርክና ማኅበራት የሚከተለው ቅደም ተከተል በቅድሚያ ዕዳ ይከፈል፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ያዋጣው ይመለስ፣ ከዚያ የተረፈው በስምምነቱ መሠረት ይከፋፈል የሚል ነው። ስለዚህ ከ1,200,000ው ላይ መዋጮው 1,000,000 ወጥቶ ትርፉ 200,000 ይቀራል፣ ለያንዳንዳቸው 100,000። የመርካቶው 700,000፣ የሳሪሱ 500,000 ይደርሳቸዋል። በመጀመሪያው ስሌት የመርካቶው 100,000 ብር ሳያውቀው ሊሰጥ ነበር።

ባይተርፍስ? ያው ቅደም ተከተል ይሠራል። ዕዳው ተከፍሎ የቀረው 800,000 ብቻ ቢሆን መዋጮው 200,000 ጎደለ ማለት ነው። ጉድለቱ እኩል ይከፈላል፣ ስለዚህ የመርካቶው 500,000 የሳሪሱ 300,000 ይዘው ይወጣሉ። «እኔ ገንዘብ ብቻ ነው ያስገባሁት፣ ኪሳራ አይመለከተኝም» የሚል ሸሪክ አይጠፋም። በውል እንኳን ቢጻፍ አንዱን ሸሪክ ከኪሳራ ሙሉ በሙሉ ነጻ የሚያደርግ ቃል ሕጉ አይደግፈውም።

ድርሻው ከታወቀ በኋላ ማን ምን ይውሰድ የሚለው ይመጣል። እዚህ ላይ የሚያዋጣው መጀመሪያ በጥሬ ገንዘቡ መክፈል ነው። 200,000ውን ተካፍሎ ወደ ቤት መሄድ ያጓጓል፤ ገንዘቡ የሚጠቅመው ግን ዕዳ ሲያሳንስ ነው። በምሳሌያችን 100,000ው ለኪራይ፣ ለግብርና ለደሞዝ፣ ቀሪው 100,000 ለአከፋፋዩ ይከፈላል። አሁን የቀረው 1,900,000 ዕቃና 300,000 የዱቤ ተሰብሳቢ ነው። ዕዳው ደግሞ የአከፋፋዩ 800,000 እና የዘመዱ 200,000።

ዕዳውን እያንዳንዱ ፊርማው ባለበት በኩል ቢወስድ ይሻላል። የመርካቶው ቼኩን ስለፈረመ የአከፋፋዩን 800,000 ይውሰድ፤ የሳሪሱ የዘመዱን 200,000 ይውሰድ። እንግዲህ የመርካቶው ድርሻው 700,000 ስለሆነና 800,000 ዕዳ ስለተሸከመ በንብረት 1,500,000 ሊደርሰው ይገባል። የሳሪሱ 500,000ና 200,000፣ በጠቅላላው 700,000 ይወስዳል። ከዱቤው ክፍለ ሀገር ያሉት ደንበኞች 200,000 ለመርካቶው፣ የሳሪስ አካባቢ ደንበኞች 100,000 ለሳሪሱ ይሁን። የሚቀረው ዕቃው ነው፦ 1,300,000 ለመርካቶው፣ 600,000 ለሳሪሱ።

ይህን ዕቃ ሳይጣሉ ለመክፈል የታወቀ ዘዴ አለ፤ አንዱ ይመድባል፣ ሌላው ያነሣል። የመርካቶው 1,900,000ውን ዕቃ እያንዳንዳቸው 100,000 በሚያወጡ 19 ምድቦች በወረቀት ላይ ይጽፋል። በያንዳንዱ ምድብ ከሚሄደውም፣ ከተኛውም፣ ከቁራጩም ይገባል። ከዚያ የሳሪሱ የፈለገውን ስድስት ምድብ ያነሣል። መዳቢው የትኛው እንደሚቀርለት ስለማያውቅ የተኛውን መጋረጃ አንድ ቦታ አጭቆ ሌላውን ቦታ በብርድ ልብስ የሚሞላበት ምክንያት የለውም። ብርድ ልብስ በክረምት፣ መጋረጃ ለእንቁጣጣሽ የሚሄድ በመሆኑ ሰኔ ላይ የሚለያዩ ሰዎች ይህን ዘዴ ቢይዙ ይጠቀማሉ፤ ሐምሌ ላይ ባዶ መደርደሪያ ይዞ የሚቀር ሰው አይኖርም።

ዕቃው ይህን ያህል ነው። አሁን ወደ አከፋፋዩ ቢሮ እንሂድ።

ሸሪኮቹ «800,000ውን የመርካቶው ይከፍላል» ብለው ተፈራርመዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ግን ባለዕዳ ያለ ባለገንዘቡ ፈቃድ አይለወጥም። ቼክ ከተሰጠበት 500,000 ሌላ ባለው 300,000 ላይ የሳሪሱ ፊርማ ያለባቸው ማስረከቢያዎች አሉ። የመርካቶው ባይከፍል አከፋፋዩ እነዚያን ወረቀቶች ይዞ ወደ ሳሪስ ይሄዳል። «እኛ እኮ ተለያይተናል» ቢባል መልሱ የታወቀ ነው፦ «ዕቃውን ስትወስዱ አብራችሁ ነበራችሁ፤ መለያየታችሁ እኔን ምን አገባኝ?» እውነቱን ነው። የሳሪሱ ከፍሎ ሲያበቃ በስምምነቱ ወረቀት የመርካቶውን ሊጠይቅ ይችላል፤ ወረቀቱ የሚጠቅመውም ለዚህ ብቻ ነው። ያ ሰው በዚያን ጊዜ ገንዘብ ይኖረው እንደሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

መድኃኒቱ ሁለቱም አብረው ወደ አከፋፋዩ ሄደው አጭር ደብዳቤ ማስፈረም ነው። ደብዳቤው የቀረውን ዕዳ መጠን ይጠቅሳል፣ ከዚህ በኋላ ከመርካቶው ብቻ እንደሚቀበል ይገልጻል፣ የሳሪሱን ነጻ ማውጣቱን በግልጽ ቃል ይናገራል። «ከመርካቶው እቀበላለሁ» ብቻ የሚል ደብዳቤ አይበቃም፤ ይህ ተጨማሪ ከፋይ ማግኘት እንጂ የቀድሞውን መልቀቅ አይደለም። አከፋፋዩ ሊያንገራግር ይችላል፣ ከአንድ ባለዕዳ ሁለት ይሻለዋልና። ጥሬ ገንዘቡ ላይ ቀድመን 100,000 ለእሱ የመደብነው ለዚህም ጭምር ነው። ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው ሲለምንና ባዶ እጁን የመጣ ሲለምን አይሰማም እኩል። እምቢ ካለ ሁለት መንገድ ይቀራል። አንደኛው ከመከፋፈል በፊት ዕቃ ሸጦ ያን 300,000 መዝጋት ነው። ሌላው የሳሪሱ ከመርካቶው ድርሻ የተወሰነ ምድብ፣ ዕዳው እስኪከፈል ድረስ፣ በመያዣነት በእጁ እንዲያቆይ መስማማት ነው።

ቼክ የራሱ ጣጣ አለው። በገበያችን ቼክ ወደፊት ያለ ቀን ተጽፎበት እንደ ቀጠሮ ያገለግላል። ሕጉ የሚያውቀው ቼክ ግን እንደቀረበ የሚከፈል ነው፤ የተጻፈበት ቀን ሳይደርስ ባንክ ቢቀርብም በቀረበበት ቀን ይከፈላል። ስንቅ ከሌለው ደረቅ ቼክ ይሆናል፣ ይህ ደግሞ ከፍትሐ ብሔር ኃላፊነት አልፎ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ነው። በምሳሌያችን ቼኩን የፈረመውና ዕዳውን የወሰደው አንድ ሰው ስለሆነ ደህና ነው። አደጋው የሚመጣው ሲገለበጥ ነው። የፈረመው ሰው ንግዱን ትቶ ሲወጣ፣ የቀረው ሸሪክ «ቼኩን እኔ አስገባበታለሁ፣ አታስብ» ሲል። የወጣው ሰው በሰላም ተለያየሁ ብሎ ባንክ ያለውን ገንዘብ አውጥቶ ሌላ ሥራ ይጀምራል። የቀረው በቀኑ ሳያስገባ ይቀርና ፖሊስ የሚደውለው ለፈራሚው ነው። ስለዚህ የሚወጣው ሰው ቼኩን በእጁ ተቀብሎ፣ በቀረው ሰው ቼክ አስተክቶ፣ አሮጌውን ቀድዶ ነው መውጣት ያለበት። አከፋፋዩ «ጠፍቶብኛል፣ በኋላ እሰጥሃለሁ» ካለ ያ ዕዳ ገና አልተዘጋም።

የዘመድ ብድርም ትንሽ ቃል ይገባዋል። የሳሪሱ ከአክስቱ ልጅ 200,000 ሲቀበል ወረቀት አልጻፉም ይሆናል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ፍርድ ቤት ቀርቦ በጽሑፍ ወይም በራስ እምነት ካልሆነ በምስክር አይረጋገጥም። በሸሪኮች መካከል ግን የመርካቶው ገንዘቡ ሱቅ መግባቱን አምኖ ሒሳቡ ላይ ከፈረመ ይበቃል። ካላመነ የሳሪሱ ገንዘቡ ወደ ሱቁ የገባበትን የባንክ ወረቀት ያምጣ። በዚህ ዓይነት ዕዳ ላይ የሚነሳ ጥርጣሬ ክፉ ነው፤ ገንዘቡ ከሚያወጣው ይልቅ «ዘመዱን ፈጥሮ አመጣብኝ» የሚለው ስድብ ሰውን ያለያያል።

ከደንበኞች የሚሰበሰበው ዱቤ በተቃራኒው ይሠራል። የሚፈለግብንን ለማስተላለፍ ባለገንዘቡ መስማማት አለበት፤ የምንፈልገውን ግን ያለ ባለዕዳው ፈቃድ ለሌላ ማስተላለፍ ይቻላል። ባለዕዳው ማወቅ ብቻ ነው ያለበት። ካላወቀና ለቀድሞው ሰው ከከፈለ ዕዳውን ከፍሏል፤ እንደገና ክፈል አይባልም። ስለዚህ የዱቤ ደብተሩ ከተከፈለ በኋላ ሁለቱ ሸሪኮች ቁጭ ብለው ለያንዳንዱ ደንበኛ በድምፅ ማጉያ አብረው ይደውሉ፣ መልእክትም ይላኩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሒሳብ ቁጥርና የቴሌብር ወረቀት መንቀል ደግሞ አይረሳ። ጅማ ያለ ደንበኛ ስልኩ ላይ የመዘገበው የሳሪሱን ሒሳብ ቁጥር ከሆነ ምንም ክፋት ሳይኖርበት ዓመቱን ሙሉ እዚያው ያስገባል።

ፈቃዱ በመርካቶው ስም በመሆኑ መንግሥት የሚያውቀው ነጋዴ እሱ ብቻ ነው። የሳሪሱ ቅርንጫፍ ከፈቃዱ መሰረዝ አለበት፤ እዚያ የተመዘገበው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያም በግብር ጽሕፈት ቤቱ በኩል መነሳት አለበት። በዚያ መሣሪያ አንድ ቀን እንኳን ቢሸጥ ሽያጩ የመርካቶው ገቢ ሆኖ ይመዘገባል። የሳሪሱ የራሱን ፈቃድ ሲያወጣ ደግሞ መደርደሪያው ላይ ያለውን የ600,000 ብር ዕቃ ከየት እንዳመጣ የሚያሳይ ደረሰኝ ያስፈልገዋል። ዕቃው በመርካቶው ስም የተገዛ ነውና በደረሰኝ ነው መውጣት ያለበት። ሱቁ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ በ15 ከመቶ 90,000 ብር ይጨመርበታል። የሳሪሱም ተመዝጋቢ ከሆነ ይህን ከሚሰበስበው ታክስ ላይ ያቀናንሳል፤ ካልሆነ ግን ወጪ ሆኖ ይቀራል። ይህ 90,000 ቀደም ባለው ስሌት ውስጥ የለም። ማን እንደሚሸከመው ከምደባው በፊት ካልተነጋገሩ፣ ሁሉም ነገር በሰላም ካለቀ በኋላ አዲስ ፀብ ይወልዳል። እዚህ ላይ ለሒሳብ ባለሙያ የሚከፈለው ገንዘብ አይቆጭም።

ግብር ሌላም ጅራት አለው። የግብር ባለሥልጣኑ ያለፉትን ዓመታት ሒሳብ መልሶ ሊመረምር ይችላል፤ መደበኛው ገደብ አምስት ዓመት ነው። ከተለያዩ ሦስት ዓመት በኋላ አብረው በሠሩበት ጊዜ ላይ ተጨማሪ ግብር ቢወሰን ማስታወቂያው የሚደርሰው ባለፈቃዱን ብቻ ነው። ስለዚህ የመለያያው ውል «እስከ ሰኔ 30 ድረስ ላለው ጊዜ ወደፊት የሚወሰን ግብር እኩል ይሸፈናል» የሚል አንቀጽ ይኑረው። ባለፈቃዱም የቆጠራውን ዝርዝርና ደረሰኞቹን ለሸሪኩ ኮፒ አድርጎ ይስጥ፤ ያኛው ያላየውን ሒሳብ ክፈል ቢባል አይዋጥለትም።

ውሉ በውልና ማስረጃ ቢጸድቅ መልካም ነው፤ ቆጠራው፣ የ19ኙ ምድቦች ዝርዝርና የአከፋፋዩ ደብዳቤ በአባሪነት ገብተው እያንዳንዱ ገጽ ይፈረም። ሽማግሌዎች መጨረሻ ላይ ማስገባት የሚወዱት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ከዛሬ ጀምሮ አንዳችን ከሌላችን የምንፈልገው ነገር የለም።» ለዕርቅ ጥሩ ነው፣ ለውል ግን እንዲሁ ከገባ አደገኛ ነው። አከፋፋዩ ነገ የሳሪሱን ቢያስከፍለው፣ ወይም ግብሩ ቢመጣ፣ ይህ ቃል የጠያቂውን አፍ ይዘጋል። «በዚህ ውል ከተዘረዘሩት ግዴታዎች በስተቀር» የሚለው ሐረግ ይቅደመው።

መጀመሪያ ከሒሳብ ያወጣነው 200,000 የዱቤ ገንዘብ አለ። እሱን ለአንዱ መስጠት ወይም ለሁለት ከፍሎ መመደብ ልፋት ነው፤ ዋጋው አይታወቅምና። ስማቸውና ዕዳቸው በአንድ ገጽ ተጽፎ ለሁለቱም ይሰጥ። የሰበሰበው ሰው ለድካሙ ከአሥር አንዱን ያስቀርና ቀሪውን እኩል ይካፈሉ፣ ያገኘ ዕለትም ለሌላው በመልእክት ያሳውቅ። ዝርዝሩ የሚዘጋበት ቀንም ይጻፍ፣ ለምሳሌ የሚቀጥለው ዓመት ሰኔ 30። ከዚያ በኋላ የሚገኝ ገንዘብ ያገኘው ይሁን።